ወረቀቱ 27 ፐርሰንት ትቆጥባላችሁ ይላል፣ ኪሳችን ግን በ22 ባዶ ነው

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሁን መልሱ 34 ደርሷል። ከዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ስለ አከራዮች ነው፣ ጥቂቱ ደግሞ ስለ ካርል ማርክስ ወዳጅ። ዛሬ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች አንብቦ አይዘልቀውም። ስለዚህ ምን እንደጠየቅኩና ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ልጻፈው። የተሰደብኩበትንም አልዘልም።

መነሻው ጽሑፍ

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ተቀጣሪ ነን። ሁለት ልጆችና አንዲት ሠራተኛ አሉን፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው። የእሱ ደመወዝ 28,000 ብር ነው፣ የእኔ 20,000። እጃችን የሚገባው ሲደመር 31,940 ነው። ባለቤቴ ወጪያችንን በኤክሴል ደረደረውና እያንዳንዱን ለ31,940 አካፍሎ ፐርሰንት አወጣለት። ሠንጠረዡን እንዳለ ለጠፍኩት፦

ቤት ኪራይ 8,500 ብር፣ 27
አስቤዛ 4,800 ብር፣ 15
ትምህርት ቤት 2,400 ብር፣ 8
ታክሲና ሰርቪስ 2,600 ብር፣ 8
የሠራተኛ ደመወዝ 2,500 ብር፣ 8
መብራት፣ ውሃና ስልክ 1,300 ብር፣ 4
እቁብ 3,000 ብር፣ 9
እድርና ለቤተሰብ የምንልከው 1,200 ብር፣ 4
ቁጠባ 5,640 ብር፣ 18

እቁቡንም ቁጠባ ካልነው 27 ፐርሰንት እንቆጥባለን ማለት ነው። ባለቤቴ በዚህ በጣም ኮርቷል። እኔ ደግሞ ወሩ በገባ በ22 ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ዘይት የማመጣው ሰው ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነበር። የትኛው ፐርሰንት ነው የዋሸን?

መልስ 1 ሰላምታ የለውም። ሰውየው ፐርሰንቶቹን ደምሮ 101 አገኘ። መቶ መሙላት ያቃተው ሰው ኪሱ እንዴት ይሞላለታል የሚል ነገር ጽፎ ሄደ። አራት ሰው ላይክ አድርጎለታል።

መልስ 2 ረጋ ያለ ሰው ነው፣ አጻጻፉ የሂሳብ አስተማሪ ይመስላል። 101 የመጣው 26.6ቱ ወደ 27፣ 7.5ቱ ወደ 8፣ 17.7ቱ ወደ 18 ተጠጋግተው ስለተጻፉ ነው አለ። አንድ ረድፍ ሲጠጋጋ ቢበዛ በግማሽ ፐርሰንት ነው የሚያልፈው ወይም የሚጎድለው። ዘጠኝ ረድፍ ካለ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ቢያደላ እንኳ ልዩነቱ ከ4.5 አይዘልም። 99 ወይም 101 ሲመጣ ማለፍ ነው፣ 108 ሲመጣ ግን የሆነ ቦታ ስህተት አለ።

ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ፣ በሰዓቱ ብዙም አልገባኝም ነበር። የብሩ ድምር ልክ 31,940 መምጣቱም ምንም አያረጋግጥም አለ። ለምን ቢባል፣ ቁጠባ የሚለው ረድፍ ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም። ሌላው ሁሉ ተቀንሶ የቀረው ነው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሁልጊዜ መቶ ይሞላል። የተረሳ ወጪ ሁሉ ቁጠባ የሚል ስም ይዞ እዚያ ረድፍ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ 5,640ውን ማመን ትተሽ ፈልጊው ብሎ መከረኝ። በወር 5,640 ከተረፈ በዓመት 67,680 ብር የሆነ ሒሳብ ላይ መገኘት አለበት። አለ ወይ? ብሎ ጠየቀኝ። የባንክ አፑን ከፈትኩ። 1,100 ብር ገደማ ነበር።

መልስ 3 ችግሩን አገኘሁት ባይ ነው። ያካፈላችሁት ከነግብሩ ባለው ደመወዝ ነው አለ በእርግጠኝነት። ሐሳቡ ለብዙ ሰው ልክ ነው፣ ለእኛ ግን አይደለም። ወረቀታችንን አውጥቼ ጻፍኩለት። ከ28,000ው 7,750 ግብር፣ 1,960 ጡረታ ይነሳለትና 18,290 ይቀራል። ከእኔ 20,000 ላይ 4,950 እና 1,400 ተነስቶ 13,650 ይቀራል። ሲደመር 31,940። ይቅርታ ጠየቀ፣ ግን የራሱን ነገረኝ። እሱ ለዓመት ያህል በሙሉ ደመወዙ እያካፈለ ኪራዩ 30 ፐርሰንት ነው ብሎ ሲኖር፣ በእጁ በሚገባው ሲያሰላው ግን ከ40 አልፎ አገኘው።

መልስ 4 ኤክሴል የሚወድ ልጅ ነው። ጥያቄውን በደንብ ያነበበ አይመስለኝም፣ ግን የሚጠቅመው ሰው ይኖራል። ቀመሩን ጽፈው ወደ ታች የሚጎትቱ ሰዎች የሚያካፍሉበትን ሕዋስ ካልቆለፉት አብሮ ወደ ታች ይወርዳል አለ። ገቢው B12 ላይ ከሆነ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

```
=B2/$B$12
```

የዶላር ምልክቱ ከሌለ ሁለተኛው ረድፍ ለB13 ያካፍላል፣ እዚያ ደግሞ ምንም የለም። የእኛን አየሁት፣ ተቆልፏል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ።

መልስ 5 ከቨርጂኒያ ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ እህቴ እያለ ነው የሚጽፈው። እዚያ ስለሚነገረው የ50፣ 30፣ 20 አከፋፈል አስረዳኝ። ግማሹ ለግድ ወጪ፣ 30ው ለፍላጎት፣ 20ው ለቁጠባ። ኪራይ ደግሞ ከገቢ 30 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ይባላል፣ የእናንተ 27 ስለሆነ ጥሩ ላይ ናችሁ አለ። ቁጠባችሁም 20ውን አልፏል፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ጨረሰ።

መልስ 6 ለእሱ የተጻፈ ነው፣ ያለ ስኳር። ሴትየዋ ራሷ አሜሪካ የኖረች ትመስላለች። እዚያ የኪራይ 30 ፐርሰንት የሚለካው ከግብር በፊት ባለው ገቢ ነው አለች። የእኔ 27 ደግሞ ከግብር በኋላ ነው። በእሱ ሜትር ከተለካ 8,500 ለ48,000 ተካፍሎ 18 ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። ሁለት የተለያየ ሜትር ይዘህ አንድ ጨርቅ አትለካም ብላ ዘጋችው። በዱቤ ዘይት የምትገዛን ሴት እንኳን ደስ ያለሽ ማለትህስ ብላ ደግሞ ጨመረችበት። ሰውየው ለሁለት ቀን ጠፋ።

መልስ 7 የክሩ ዋና ሰው ነው። ድሮ ለቤተሰብ ወጪ ጥናት ቤት ለቤት እየዞረ መጠይቅ ያስሞላ ነበር። ኪራዩንም ቁጠባውንም ትቶ አስቤዛ 15 ፐርሰንት በሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። ይህ ቁጥር አይታመንም አለ። የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ሲለካበት በኖረው ቅርጫት ውስጥ ምግብ ብቻውን ከግማሽ በላይ ክብደት አለው። አዲስ አበባ ላይ ድርሻው ዝቅ ይላል፣ ሁለት ደመወዝ ያለው ቤት ላይ ደግሞ የበለጠ ዝቅ ይላል። ቢሆንም አምስት ሰው የሚበላበት ቤት 15 ላይ ከቆመ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። ወይ ሌላ ሰው እየቀለባችሁ ነው፣ ወይ ከምግቡ ውስጥ ያልጻፋችሁት አለ።

ሰውየው ድርሻ የሚፈተሸው እንዲህ ነው ባይ ነው። ድምሩ መቶ መሙላቱ ትንሹ ፈተና ነው። ትልቁ ፈተና እያንዳንዱን ድርሻ ለብቻው አንስቶ ከዚህ ኑሮ ጋር ይሄዳል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚያ ገቢ ባደገ ቁጥር የምግብ ድርሻ ይቀንሳል የሚለውን፣ በፈረንጆች 1857 ኧርነስት ኤንግል የተባለ ጀርመናዊ ያስተዋለውን ጠቀሰ። ባይጠቅሰው ይሻል ነበር።

ምክንያቱም ከ8 እስከ 12 ያሉት መልሶች በሙሉ በዚህ ስም ላይ ናቸው። አንዱ ይህ የማርክስ ጓደኛ አይደለም ወይ አለ። ሌላው ያኛው ፍሬድሪክ ኤንግልስ ነው፣ ይሄኛው ሌላ ነው አለ። ሦስተኛው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው፣ በወጣትነቱ የውይይት ክበብ ውስጥ ስንቱን መጽሐፍ እንዳነበቡ፣ የወር ወጪ ግን ማን እንደሚያሰላ እንደማያውቁ አጫወተን። ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፣ ከጤፍ ጋር ግን አይገናኝም።

መልስ 13 የሳሪስ እናት ናቸው። ሦስት መስመር ነው የጻፉት። አስቤዛውን አዩት፣ ሽንኩርት ዘይት ስኳር ነው። ልጄ፣ ጤፉ የታለ? በርበሬውስ? አትበሉም እንዴ? አሉ።

ማታ ነበር፣ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ጤፉን የጻፈው ሰው የለም። ለምን ቢባል፣ ጤፍ በየወሩ አንገዛም። በሦስት ወር አንድ ኩንታል ነው፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ ቤት እስኪገባ 12,600 ያህል ይፈጃል። ወጪውን የመዘገብንበት ወር ጥቅምት ነበር፣ ኩንታሉ ደግሞ መስከረም ላይ ገብቷል። ይህን በመልስ 14 ላይ አመንኩ። የዚያን ጊዜ ነው መልስ 1 ላይ የሰደበኝ ሰውዬ ተመልሶ ሳቅ የለጠፈው።

መልስ 15 የመጠይቁ ሰው ነው። ወር ውሸታም ነው አለ። እነሱ ሲጠይቁ ምግብን በቀናትና በሳምንት፣ ልብስና የቤት ዕቃን ግን በዓመት የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ሁሉንም ባለፈው ወር ብለህ ከጠየቅክ፣ ሰው በዚያ ወር ፍሪጅ ካልገዛ ፍሪጅ የሚባል ነገር በቤቱ አይኖርም። ስለዚህ በየወሩ የማይመጣውን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ በዓመት ጻፉት፣ ከዚያ ለ12 አካፍሉት። ሲጽፉ የበዓላቱን ቀን እያሰቡ መሄድ ይረዳል፣ አንድም አያመልጥም አለ።

መልስ 16 ለ12 ሳይሆን ለ13 ነው የሚካፈለው፣ ጳጉሜን አለች ብሎ ተከራከረ። ተሳሳተ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። መልስ 17 አረመው። ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ነው የሚገባው፣ ለጳጉሜን ብሎ የሚከፍል አሠሪ የለም። የሚካፈለው በደመወዝ ቁጥር ነው። ነገር ግን አምስቱን ቀን ሰው ይበላል፣ ታክሲም ይሳፈራል። ስለዚህ በየዕለቱ የሚወጣው ወጪ በ30 ቀን ተባዝቶ ከተገመተ ለዓመት በ12 ብቻ ሲባዛ አምስት ቀን ይጎድላል። ይኸው ሰው ትምህርት ቤቱንም አነሳ። ክፍያው የ10 ወር ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሠንጠረዡ ሀብታም ያደርጋችኋል፣ መስከረም ላይ መልሶ ያደኸያችኋል አለ። እውነቱን ነው። የእኛም የ10 ወር ነው።

መልስ 18 የራሴ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጠን የሠራነው። ጤፍ በዓመት አራት ኩንታል፣ 50,400 ብር። በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ በዓመት ሁለቴ፣ በ9,000 ሂሳብ 18,000። በዓል፦ እንቁጣጣሽ 7,000፣ ገና 6,000፣ ፋሲካ ከነቅርጫው 11,000፣ ሲደመር 24,000። ትምህርት ቤት ደግሞ በወር 2,400 ለ10 ወር 24,000 ነው፣ መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርምና ደብተር 9,600 ሲጨመር 33,600። በሠንጠረዡ ላይ ለ12 ወር 28,800 አስበነው ስለነበር የጎደለው 4,800 ብቻ ነው።

ያልተጻፈው ሁሉ ሲደመር 97,200 ብር መጣ። ለ12 ሲካፈል 8,100። ከገቢያችን ሩብ ያህሉ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ከዚያ ቁጠባ የተባለውን 5,640 አምጥተን ከ8,100 ጋር አስተያየነው። አልበቃም። በየወሩ 2,460 ይጎድላል፣ በዓመት 29,520። ታዲያ እስካሁን እንዴት ኖርን? መልሱ እቁቡ ነው። ዕጣችን ነሐሴ ላይ ወጥቶ 36,000 ብር ወስደናል። ለመመዝገቢያና ለዩኒፎርም 9,600፣ ለኩንታሉ 12,600፣ ለእንቁጣጣሽ 7,000 ሄደ። የቀረው የሱቁን ዱቤ ዘጋ። መስከረም ሳያልቅ አንድ ብር አልነበረም። እኔ በዚያ ብር አልጋ ልገዛ ነበር ያሰብኩት።

36,000ው ላይ 29,520 ሲነሳ በዓመት የሚቀረው 6,480 ነው። በወር 540። 27 ፐርሰንት ቁጠባ ያልነው 1.7 ፐርሰንት ሆኖ ተገኘ። ምግብ ደግሞ ከጤፉና ከበርበሬው ጋር 10,500 ሆነ፣ 33 ፐርሰንት። የመጠይቁ ሰውዬ አሁን ቁጥሩ ሰው ሰው ይሸታል አለ።

የቨርጂኒያው ሰው በመልስ 19 ተመለሰ፣ ክብሩ ይስፋ፣ ስህተቱን ተቀበለ። አዲሱን ሠንጠረዥ በ50፣ 30፣ 20 ሲከፍለው የግድ ወጪው 98 ፐርሰንት ሆነበት። ስለዚህ በዓሉን ከግድ አውጥቶ ፍላጎት ውስጥ አስገባው። መልስ 20 ላይ የሳሪስ እናት ተቆጡ። ቤተ ዘመድ የሚሰበሰብበትን ዶሮ ፍላጎት የሚል ሰው እናቱ ቤት ሄዶ ይሞክረው አሉ። መልስ 21 ደግሞ ከ24,000ው 10,000 ብር ቢቀነስ ማንም አይሞትም፣ በግ በሌለበት ፋሲካ ያሳለፍን ብዙ ነን አለ። ሁለቱም እውነት ስላላቸው አልተስማሙም። እኔ በግሌ በዓሉን የትም ረድፍ ቢጽፉት ግድ የለኝም፣ መጻፉ ነው ዋናው። ዶሮዋ ፍላጎትም ተባለች ግድ ዋጋዋ አንድ ነው።

መልስ 22 ላይ ነገሩ ወደ እቁብ ዞረ፣ እዚህ ጋ ነው ክሩ የጦፈው። አንዲት መርካቶ የሚነግዱ እናት እቁብን ቁጠባ ማለት ልማድ ነው እንጂ ሁልጊዜ እውነት አይደለም አሉ። አሥራ ሁለት ሰው ካለ መጀመሪያ የወጣለት ተበዳሪ ነው፣ መጨረሻ የሚወጣለት አበዳሪ ነው። የእናንተ ሁለተኛው ወር ላይ ወጥቷል። ስለዚህ አሁን በየወሩ የምትጥሉት 3,000 ዕዳ ነው፣ በልታችሁ የጨረሳችሁትን እየከፈላችሁ ነው። ዕዳ በሚል ረድፍ ጻፉት።

መልስ 23 አልተቀበለም። ወለድ የሌለው ነገር ዕዳ አይባልም፣ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ የገባውና የወጣው እኩል ነው አለ። መልስ 24 ደግሞ እኩል አይደለም አለ። በመስከረም የወሰድከው 36,000 የሚገዛው ጤፍና በሰኔ የምትወስደው 36,000 የሚገዛው ጤፍ እኩል ነው ወይ? ዋጋ በሚንርበት ጊዜ መጨረሻ የሚወጣለት ሰው ሳያውቀው ይከፍላል። ባለቤቴ ከ23 ጋር ነው። እኔ ከመርካቶዋ እናት ጋር ሆኛለሁ። ይህ ጉዳይ ቤታችንም ውስጥ አልተቋጨም።

ከ25 እስከ 30 አከራይ ነው። አንዱ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል ተብሎ ፐርሰንት የሚባል ነገር ከቤቱ እንደጠፋ ጻፈ። ሌላው አዋጅ 1320ን ጠቀሰለት፣ በ2016 የወጣውን፣ ቅድሚያ ከሁለት ወር በላይ መጠየቅ እንደማይቻል የሚለውን። የመጀመሪያው ሕጉን ለአከራዬ አንብብለት አለ። ከዚያ ሁሉም የየራሱን አከራይ ማማት ጀመረ። አንብቤ ስቄያለሁ፣ ግን አልደግመውም።

መልስ 31 አንዲት ነርስ ናት፣ በጣም አጭር ጽፋ ቆሽቴን ቆረጠችው። በአዲሱም ሠንጠረዥ ላይ መድኃኒት የለም፣ ልብስ የለም፣ ጫማ የለም አለች። ልጆቻችሁ አይታመሙም? እግራቸው አያድግም? ባለፈው ዓመት ትንሹ ልጄ ሳል ይዞት ሁለት ጊዜ ክሊኒክ ሄደናል። ስንት እንደከፈልኩ አላስታውስም። ማለት ያ ብር ያ ከተረፈን ከሚባለው 540 ላይ ነው የሚነሳው፣ በዓመት ከ6,480 ብር ላይ። ለአራት ሰው ጫማ ብቻ እንኳ ይህን ይበላዋል። ስለዚህ 1.7 የምለውም እውነት መሆኑን አላውቅም፣ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ሳይሆን አይቀርም።

መልስ 32 መፍትሔ ይዞ መጣ። ሠራተኛዋን አሰናብቱ፣ 2,500 ይተርፋል፣ ጉድለቱ 2,460 ነው፣ ልክ ገጠመ አለ። በወረቀት ላይ ልክ ነው። መልስ 33 ላይ መልስ 6ን የጻፈችው ሴት ተነሳች። ልጆቹን ማን ይይዛል፣ እናትየዋ ሥራ ብታቆም የሚታጣው 13,650 ነው፣ 2,500 ለማትረፍ 13,650 የምታጣ አገር አገኘህ ወይ አለችው። ከዚህ በላይም ብላዋለች፣ አወያዩ ሁለት መስመር አጥፍቶባታል። ድርሻ ሲቆረጥ ሌላው ድርሻ ባለበት አይቆምም ለማለት ፈልጋ ነው፣ በዚያ ቋንቋ ባትለው ጥሩ ነበር።

መልስ 34 የመጠይቁ ሰው ነው፣ እስካሁን የመጨረሻው እሱ ነው። 8,100ውን ደመወዝ በገባ ቀን ወደ ሌላ ሒሳብ አውጡት፣ በዚያ ሒሳብ ከጤፍ፣ ከበርበሬ፣ ከበዓልና ከትምህርት ቤት ውጪ አትንኩ አለ። ሒሳቡ በትክክል ከሠራ መስከረም ላይ እቁብ ሳይነካ ይወጣል። ግን ወዲያው ራሱ አረመው። እቁቡ አሁን ሊቆም አይችልም፣ ዕጣው ወጥቶላችኋል። ስለዚህ 3,000ው እየወጣ 8,100ን ሙሉ ማስቀመጥ አትችሉም፣ 5,640 ነው ያላችሁ። ይህን ዙር ጨርሱና ቀጣዩን አሳንሳችሁ ግቡ ብሎ ተለየን።

ዛሬ ኅዳር 19 ነው። ከዙሩ 7 ወር ይቀረናል። የዚህን ወር 5,640 ደመወዝ በገባ ማግስት ለየብቻ አውጥተነዋል፣ ዱቤው ደግሞ በ22 መሆኑ ቀርቶ በ16 ተጀመረ። ባለቤቴ ቁጠባ የሚለውን ረድፍ ሰርዞ ያልታወቀ ብሎ ጽፎበታል። ለገና በዓል ስድስት ሳምንት ገደማ ቀርቷል፣ ኩንታሉም ታኅሣሥ ላይ ያልቃል። ጤፉን ከማን ጋር ተጋርተን እንደምንገዛ የሚያውቅ ካለ መልስ 35 ላይ ይጻፍልኝ።